በማን እግር?

እጆቿ በረዶ ይነቀንቃሉ። ከጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት አራት አይስ ፓኮች አንዱን ታነሳና ከጆሮዋ አስጠግታ ወዝወዝ ታደርገዋለች። ውስጡ ድንጋይ ሆኖ ዝም ካለ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ትንሽ ቆይታ ሌላውን ታነሳለች። ፕላስቲኩ ላብ ላብ እስኪለው፣ ውስጡም ውሃ ቸፍ እስኪል ድረስ ወደ ሣጥኑ አታስገባም። ብርዱ የበዛበት በረዶ አንዳንዱን ክትባት አቀዘቅዛለሁ ብሎ ያበላሸዋል፤ የሚያቀልጠው ፀሐይ ብቻ አይደለም ጠላቱ። ይህን ያስተማሯት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የያዘችው የኩፍኝ ክትባት እንኳ ብርድ የማይፈራ ቢሆንም፣ እጇ ልማዱን አይለቅም።

«ባለሣጥኗ፣ እሱን እያባበልሽ ፀሐይ ወጣብሽ እኮ!» አላት የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ በመስኮት አንገቱን አስግጎ።

«በረዶ እንደ ባል ነው ጋሼ። ካላባበሉት ይደርቃል፣ አብዝተው ካባበሉት ይቀልጣል።»

«ለባልሽ እነግርብሻለሁ!»

«ንገርልኝ፤ እሱም ያውቀዋል።»

ባሏ አናጢ ነው፤ የምትሸከመውን ሣጥን ማንገቻ በሰፊ ቆዳ የቀየረላት እሱ ነው፣ ትከሻዋን በላው ብሎ። በስሟ የሚጠራት ሰው አሁን ጥቂት ነው። መንደር ለመንደር ስትዞር ሣጥኑ ቀድሟት ስለሚታይ ልጆች ከሩቅ «ባለሣጥኗ መጣች!» ብለው አንዱ ወደ እናቱ፣ አንዱ ወደ ጫካ ይሮጣል። እሷም ተቀብላዋለች። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ባለሣጥኗ ነኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

አራቱ አይስ ፓኮች ቸፍ አሉላት። በሣጥኑ አራት ግድግዳ አስደግፋ አቆመቻቸው፣ መሃሉ ላይ ሁለት የኩፍኝ ብልቃጥ ከነመበጥበጫቸው አስቀመጠች፣ ስፖንጁን ከላይ ገጠመች፣ ክዳኑን ቆለፈች። እያንዳንዱ ብልቃጥ ለዐሥር ልጅ ይበቃል። ልጆቹ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንድ ጠብታ ትርፍ ነው እንግዲህ፣ አለች በልቧ፤ ለአንድ ስህተት የሚበቃ።

የምትሄደው ከወንዙ ማዶ ወዳለ አንድ ትንሽ መንደር ነው። መኪና የማይገባበት፣ ከጤና ጣቢያው ሰዎች አንድም እግሩ ያልረገጠው። ካለፈው ወር ጀምሮ ከዚያ መንደር ጀርባ ባለው ሸለቆ ኩፍኝ ገብቷል፤ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። አንድ ጎረምሳ ባልደረባዋ ከሦስት ሳምንት በፊት ተልኮ ነበር። መንገድ ጠፍቶበት እስከ ማታ ሲዞር ውሎ ክትባቱን እንደያዘ ተመለሰ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ መልእክት ላኩ፤ «አንድ ጊዜ ደግመን እንጠብቃለን። ካልመጣችሁ ሁለተኛ አንቀመጥም።» ስለዚህ አለቃዋ ሣጥኑን ለጎረምሳው ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። «አንቺ አትጠፊም» አላት።

እውነቱን ነው። እሷ ጠፍታ አታውቅም። ያውም በራሷ ሙያ ሳይሆን በአባቷ።

አባቷ በእግሩ የሚዞር ፖስተኛ ነበር። በከረጢት ደብዳቤ ተሸክሞ፣ ቁጥር የሌላቸውን ቤቶች እየፈለገ ሠላሳ ዓመት ኖረ። «ልጄ» ይላት ነበር ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ «መንገድ የሚጠፋው የማይጠይቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ ክፉኛ የሚጠይቅም ይጠፋል። ‹ሩቅ ነው?› ብለሽ አትጠይቂ። ሰው ሁሉ ‹ቅርብ ነው› ይልሻል፣ ልብሽ እንዳይሰበር። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ሲሄዱ ሸክም ነበራቸው ወይስ ባዷቸውን ነበሩ? ሦስተኛ፣ ብስት ምን አያለሁ? ይህን ሦስተኛውን አትርሺ። መንገዱን ልክ የያዘ ሰው ምልክት አያጣም፤ ለሳተ ሰው ግን ምልክት የሚያስቀምጥለት የለም።»

በዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራችበት።

የሦስቱን ጥያቄ መልስ ከትናንት ወዲያ አግኝታለች። ከዚያ መንደር አንዲት እናት፣ ምርኩዛቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ፣ ለዓይናቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው ነበር። ወረፋው ሲያልቅ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«ድልድዩን ታውቂዋለሽ?» አሏት እማማ።

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ እሱ ላይ አትሻገሪ። ወንዙን በግራ እጅሽ ያዥው፣ ሽቅብ አንድ ሰዓት ሂጂ። ወንዙ ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል፤ አትስሚው፣ ዝም ብሎ ነው። አንድ ቦታ ግን የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ዞሮ ይመለሳል፤ ክርን የመሰለ። ከማዶ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ የዘፈዘፈ። እዚያ ጋ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠሽ ተሻገሪ። ከዛፉ ጀርባ የሚወጣውን መንገድ ይዘሽ ግማሽ ሰዓት ውጪ። ደረስሽ ማለት ነው።»

«መጨረሻ የሄዱበት መቼ ነው እማማ?»

«ዛሬ! በሰማይ የመጣሁ መሰለሽ?»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

«ሲሄዱ ሸክም ይዘው ነው ወይስ ባዶዎን?»

«እኔ ሸክም ሳልይዝ መቼ ሄጄ አውቃለሁ፣ ልጄ?» አሉና አጠገባቸው ያለውን ጥቅል በምርኩዛቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እሷ ጫማ ወረደ፤ ጥቁር፣ ማሰሪያው የተጠበቀ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ የሥራ ጫማ። ለትንሽ ጊዜ አዩት። ይህን አላስተዋለችም፤ እየጻፈች ነበር።

«ብስትስ? ምን አያለሁ?»

እማማ አሰቡበት። «የምታዪውን እንኳ እንጃ። የምትሰሚውን ልንገርሽ። ከዛፉ ላይ ስትወጪ ከበላይ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። የቤት ክዳን እስክታዪ ድረስ ድምፁ ከግራ ጆሮሽ አይለይም። ድምፁ ከጠፋብሽ መንገድሽ አይደለም፤ ተመለሺ።»

ሁሉን በደብተሯ ጻፈች። መጨረሻ ላይ እማማ ምርኩዛቸውን አንስተው አስጠነቀቋት፤ «ከነገ ወዲያ ገበያ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይጠብቁሻል። ከዚያ ልጆቻቸውን አዝለው ይሄዳሉ። ያኛው ልጅ አንድ ቀን በልቶብናል።»

«አምስት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ።»

«ከአፍሽ ይግባ።»

እንግዲህ ያ ቀን ደረሰ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ አጠገብ ከመኪና ወረደች። ሣጥኑን አነገተች፣ ወንዙን በግራ እጇ ያዘች፣ ሄደች።

ጠዋቱ ልብ የሚያሰፋ ነበር። መንገዱ የወንዙን ዳር ይዞ እንደ ክር ይሄዳል፤ አንዴ በአሸዋ፣ አንዴ በሣር። ባለሣጥኗ ስትራመድ ትከሻዋ አይወዛወዝም፤ በረዶ ያለበት ሣጥን የተሸከመ ሰው እንደዚያ ይለምዳል። በልቧ ሒሳብ ሠራች። እማማ አሮጊት ናቸው፣ ምርኩዝ ይይዛሉ፣ ሸክም አለባቸው። የእሳቸው አንድ ሰዓት የእኔ ስንት ነው? አንድ ሦስተኛውን ቀንሺ። አርባ ደቂቃ። አባቷም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ የተነገረውን ሰዓት እንደ ልብስ በገዛ ልኩ ያስጠብበው ነበር።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ወንዙ ዞረ።

ዞረ ማለት ምንም አይደለም፤ ሲዞር ነው የቆየው። ይህ ግን ጥሩ አድርጎ ነው የዞረው። ከማዶውም ትልቅ ዛፍ አለ። ሰዓቷን አየች፣ ፈገግ አለች። «አባዬ፣ አየህ?» አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ስላልነበረ።

የዛፉ ሥር ግን ውሃ ውስጥ አልነበረም። ከውሃው አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ለራሷ መልስ ሰጠች፤ በጋ አይደል? ውሃው ሸሽቷል። ድንጋይ ድንጋዩን ረግጣ ተሻገረች። ከዛፉ ጀርባ የሚወጣ መንገድ አለ። ወጣች።

ሽቅቡ ያደክማል። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ጆሮዋን ወደ ግራ አዘነበለች። የወንዙ ድምፅ አለ፤ ግን ከኋላዋ ነው፣ ደግሞም የፏፏቴ አይደለም፣ የሚያወራ ውሃ ነው እንጂ የሚጮህ ውሃ አይደለም። ምናልባት ከፍ ስል ነው የሚሰማኝ፣ አለች። ከፍ አለች። የሚያወራውም ውሃ ዝም አለ። አሁን የሚሰማው የራሷ ትንፋሽና በሣጥኑ ውስጥ የሚቸፈቸፈው በረዶ ብቻ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው መመለስ የነበረባት። ሃያ ሁለት ዓመት ጠፍቶ የማያውቅ እግር ግን በቀላሉ አይዞርም። «እሷ አትጠፋም» የተባለላት ሰው ናት። ከዚህ ጉብታ ማዶ ክዳን ባይስ፣ አለች። ጉብታውን ወጣች። ከማዶው ሌላ ጉብታ ነበር። እሱንም ወጣች። አናቱ ላይ የተቃጠለ ሣር፣ የወደቀ አጥር፣ ሦስት ከብት። ከብቶቹ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ፤ ፍርዱን የሰጡ ይመስሉ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል።

ቁጭ አላለችም። አንዳንድ ሰው ሲሳሳት ራሱን ይረግማል፤ እሷ ስትሳሳት ማሰሪያዋን ታጠብቃለች። የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች፣ ደብተሯን አውጥታ «ድምፁ ከጠፋ ተመለሺ» የሚለውን ራሷ የጻፈችውን አነበበች። «በእጅሽ ጽፈሽ በእግርሽ የምትሽሪ!» አለች ራሷን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቁልቁለቱን በመጣችበት ወረደች። ወደ ግራ ላቋርጥ የሚል ሐሳብ መጣላት፤ አቋራጭ። አባረረችው። የጠፋ ሰው በማያውቀው አቋራጭ አይድንም፤ ወደሚያውቀው የመጨረሻ ቦታ ይመለሳል እንጂ። ያ የሐሰት ዛፍ ጋ ደረሰች፣ ተሻገረች፣ እንደገና ወንዙን በግራ እጇ ያዘች።

ሃያ ደቂቃ ከሄደች በኋላ ወንዙ በእውነት ዞረ።

አሁን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ውሃው ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ፣ የረሳው ዕቃ ትዝ እንዳለው ሰው፣ ተጣጥፎ ወደ እሷ ተመለሰ። ክርን ነው። ከማዶ ያለው ዛፍ ያኛውን ሦስት ያህላል፤ ሥሮቹ እንደ አሮጊት ጣቶች ውሃው ውስጥ ገብተዋል። የፏፏቴው ጩኸት ከዚህ ሆኖ ይሰማል። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል። በልቧ የጠዋቱን ጥፋት አውጥታ ቆጠረችው። በቀጥታ ብመጣ ኖሮ ከድልድዩ እስከዚህ ስንት ይፈጅብኝ ነበር? አርባና ሃያ። አንድ ሰዓት። ልክ አንድ ሰዓት!

እንዴት? ብላ ገረማት። እማማ እንደኔ ይራመዳሉ እንዴ?

ለመገረም ጊዜ አልነበራትም። ወጣች። ፏፏቴው ከግራ ጆሮዋ አልተለየም፤ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ እያለ አብሯት ወጣ። ልክ በግማሽ ሰዓት ክዳን አየች።

ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ሰፊው አደባባይ ላይ፣ የጋራ እህል ማስቀመጫ ከሆነው ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ሰባት እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ባለምርኩዟ እማማ በመሃላቸው ቆመዋል።

«ኧረ መጣች!» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታና ቁጣ እየተጋፉ። «ምን ሆነሽ ነው? ሳይሽ መንገድ የምትስቺ አትመስዪም!»

«ስቼ ነው እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዐሥራ ሁለቱ ሄዱ። ‹እንዳያኛው ናት› ብለው ሄዱ። እነዚህን በምርኩዝ ነው የያዝኳቸው።»

«በምርኩዝ ብቻ አይደለም» አለች ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት፣ «ገበያ የምትሄጂ ከሆነ ከእኔ ቤት እሳት እንዳትጭሪ ብለው ነው!»

ሳቁ። ባለሣጥኗ ግን አልሳቀችም። ዐሥራ ሁለት ልጅ። ከጀርባቸው ባለው ሸለቆ ኩፍኝ አለ፤ እናቶቹም «ሁለተኛ አንቀመጥም» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው።

እጇን ታጠበች፤ ሣጥኑን ጥላ ውስጥ ከፈተች። ብልቃጡን አውጥታ ምልክቱን አየች። ክቡ ውስጥ ያለው ትንሹ አራት ማዕዘን ነጣ ያለ ነው፤ ሙቀት ቢያገኘው ይጠቁር ነበር። መድኃኒቱ ደህና ነው። በጠፋችበት ሁሉ በረዶው ሥራውን ሠርቷል። መበጥበጫውን ጨመረች፣ በቀስታ አሟሟችው፣ ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ «6:20» ብላ ጻፈች። አንዴ የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት ስድስት ሰዓት ከቆየ በኋላ አይወጋም፤ ምን ቢተርፍ ይጣላል። ሰባቱን አንድ በአንድ በግራ ክንዳቸው ላይ፣ ከቆዳቸው ሥር ወጋች። አንዱ ልጅ ከማልቀስ ይልቅ በጣም ተናዶ ዓይኗን ጠነቆላት። «ጀግና ነው፣ ነገ መርፌ ወጊ ይሆናል» አለች፤ እናቱም ኮራች።

ካርዳቸውን እየሞላች ሒሳቡን አሰበች። በተከፈተው ብልቃጥ ውስጥ የሦስት ልጅ ቀርቷል። ያልተከፈተው ዐሥር ነው። ዐሥራ ሁለቱ ቢመጡ ይበቃቸዋል፤ ግን የተከፈተው ከመጣሉ በፊት ከመጡ ብቻ ነው። ከዘገዩ ሁለት ልጅ ሳይከተብ ያድራል። የማን ልጆች ይሆኑ ሁለቱ?

«እማማ፣ ሴቶቹ የሄዱበት መንገድ የት ነው? ልከተላቸው።»

«በተራራው ላይ ነው የሄዱት። አትደርሺባቸውም። ባዶ ሰው በተራራው ይሄዳል፣ ያሳጥራል። ሲመለሱ ግን ጨው፣ ሳሙና፣ ጣሳ ይሸከማሉ፤ የተሸከመ ሰው ሜዳ ይፈልጋል። በወንዙ ነው የሚመለሱት፤ ሁሉም በክርኑ ያልፋሉ። ዛፉ ሥር ሆነሽ ጠብቂያቸው።»

«መቼ ይደርሳሉ?»

እማማ ወደ ሰማይ አላዩም፤ ወደ መሬት ነው ያዩት። «የዛፉ ጥላ ከማዶው ነጭ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ።»

ባለሣጥኗ አፏን ከፈተች። ሒሳቧ ተነሳባት፤ ሸክም ሲጨመር፣ ልጅ ሲጨመር፣ ሙቀት ሲቀነስ። ከዚያ ዘጋችው። ጠዋት ምን እንዳደረገች ትዝ አላት።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከትናንት ወዲያ የነገሩኝ አንድ ሰዓት፣ በማን እግር ነበር?»

እማማ እንደ ሞኝ አዩዋት። «በአንቺ ነዋ! በእኔማ እግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ሦስት ቦታ አርፋለሁ። ጫማሽን አይቼ፣ ይቺ ትፈጥናለች ብዬ ቀንሼ ነገርኩሽ። አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ የምሄደው?»

ወጣቷ እናት ሳቋን መያዝ አቃታት። ባለሣጥኗም በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ እስክታነባ። «እርስዎ ቀንሰው ነግረውኝ፣ እኔ ደግሞ በላዩ ቀንሼ!»

«ሁለት ልብስ ሰፊ አንድ ቀሚስ ሲያስጠብቡማ» አሉ እማማ፣ «ማን ይለብሰዋል!»

«ይሄኛውስ? ጥላው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ያሉኝ በማን እግር ነው?»

«በእነሱ። በተሸከመ እግር፣ ልጅ ባዘለ እግር። እንዳትነኪው።»

«አልነካውም።»

እማማ አብረዋት ወረዱ፤ ቀስ ብለው፣ እዚህም ሦስት ቦታ አርፈው። በየዕረፍቱ ባለሣጥኗ ስትቆም እግሯ ያሳክካት ነበር፤ ግን ቆመች። እንዲህ ስትሄድ ነው መንገዱን ያየችው፤ የመጀመሪያው ዕረፍት ላይ ቁጭ የሚባልበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት የተቃቀፉ ቁጥቋጦ። ጠዋት በጎናቸው አልፋለች፤ አላየቻቸውም። በደብተሯ ጻፈቻቸው።

ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሣጥኑን ሥሮቹ መሃል፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስገባችው። የተከፈተው ብልቃጥ በስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ ቆሟል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ። የዛፉ ጥላ ውሃው ላይ ነው፤ ነጩ ድንጋይ ከሩቅ ያበራል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ባለሣጥኗ ተነሳች።

«ወደ ታች ሄጄ ልያቸው? ምናልባት—»

«ተቀመጪ።»

«በሌላ መንገድ ካለፉስ?»

«ሌላ መንገድ የለም። ሸክም ይዘሽ አታውቂምና ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሣጥን ተሸክሜ!»

«ያ ሸክም ነው እንዴ? ማንገቻው እንኳ ለስላሳ ነው።» እማማ ቆዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ማነው የሠራልሽ?»

«ባለቤቴ።»

«ይወድሻል ማለት ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጥላውን ማየት ጀመረች። ሰዓት ስታይ የሚሮጠው ልብ፣ ጥላ ስታይ እንደማይሮጥ አስተዋለች። ጥላው ውሃውን ጨረሰ። አሸዋው ላይ ወጣ። የድንጋዩን ጫፍ ነካ። የድንጋዩን ግማሽ ሸፈነ። ወደ ወንዙ ቁልቁል አንገቷን አስግጋ አየች፤ ማንም የለም። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ገባ። ዐሥር ሰዓት ከዐርባ።

ማንም የለም።

እማማ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እሷም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ይህኛውን አትነካውም፤ ቃል ገብታለች።

ከዚያ ከክርኑ በታች የሴት ሳቅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ጣሳ ከጣሳ ሲጋጭ፣ ቀጥሎ ከፊት ያለችው ሴት፤ በራሷ ላይ ጥቅል፣ በጀርባዋ ልጅ። ዛፉ ሥር ሣጥኑን ስታይ ቆመች። የኋላዎቹ ተደራረቡባት።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች የፊተኛዋ። «ጠዋት የጠበቅንሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት እኔ ነኝ የጠፋሁት፤ መንገዱ አልጠፋም፣ እማማም በደንብ ነው የነገሩኝ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የጠበቅኋችሁ።»

ሴትዮዋ ከሣጥኑ ወደ እሷ፣ ከእሷም ወደ እማማ አየች። ከዚያ ጥቅሉን ከራሷ ላይ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። «የጠበቀ ሰው ይጠበቃል» አለች። «ልጄ ግን ተኝቷል። ከቀሰቀስሽው አንቺ ታዝዪዋለሽ።»

«አዝለዋለሁ።»

ዐሥራ ሁለቱም ነበሩ። ባለሣጥኗ በቅድሚያ የተከፈተውን ብልቃጥ አወጣች፤ «6:20» የሚለውን እንደገና አነበበች፤ ገና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አለው። ሦስት ልጅ። ከዚያ ሁለተኛውን በጠበጠች፣ ሰዓቱን ጻፈችበት፣ ዘጠኝ ልጅ። በሁለተኛው ብልቃጥ ለአንድ ልጅ የሚበቃ ቀረ፤ ጠዋት በልቧ ለስህተት ያስቀመጠችው ያ አንድ ጠብታ ነው። ሳያስፈልግ ቀረ፤ ስህተቱ በእግር እንጂ በመርፌ አልነበረምና። የተኛው ልጅ ተቀሰቀሰ፣ ጮኸ፤ ቃሏን ጠብቃ አዝላው በዛፉ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ትከሻዋ ላይ አንቀላፋ።

«ሁለተኛውን ዙር መቼ ትመጪያለሽ?» አለች እናቱ፣ ልጇን እየተቀበለች።

«መቼ ልምጣ? እናንተ ንገሩኝ።»

ገበያ ያልሆነ ቀን ነገሯት። ጻፈችው። እማማም ተነስተው ሽቅቡን ጀመሩ፤ ዞር ብለውም «ለባለቤትሽ፣ ማንገቻው ጥሩ ነው በዪልኝ!» አሏት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድልድዩ ጋ ደረሰች። ከዛፉ እስከ ድልድዩ ልክ አንድ ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባለሣጥኗ አይስ ፓኮቹን ወደ ማቀዝቀዣው መልሳ ደብተሯን ከፈተች። የመንደሩን መንገድ እንደ አዲስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከእሷ በኋላ ለሚሄድ ሰው ገለበጠችው። በየሰዓቱ አጠገብ የማን እግር እንደሆነ አስገባች፤ ከድልድዩ እስከ ክርኑ አንድ ሰዓት፣ በሥራ ጫማ፣ ሣጥን በተሸከመ፣ በማያርፍ እግር። በእማማ እግር ሁለት ሰዓት፣ ከሦስት ዕረፍት ጋር። ያንን የሐሰት ዛፍም ጻፈችው፤ «ሥሩ ደረቅ ከሆነ አትሻገር።» ጎረምሳው ባልደረባዋ ከትከሻዋ በላይ አነበበና ፊቱ ቀላ። «እኔም እዚያው ነው የተሻገርኩት» አለ። «እኔም» አለችው።

ከገጹ ግርጌ የጻፈችው ይህን ነው፤ እንዳለ ላስቀምጥላችሁ። «ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በዚያ ወንዝ ዳር ካለፋችሁ፣ ዛፉ ወድቆ ወይም ወንዙ መንገዱን ቀይሮ እንደሆነ እባካችሁ ለጤና ጣቢያው ዘበኛ ንገሩልኝ። ምን ያህል እንደሄዳችሁም ንገሩት፤ ግን አትቀንሱልኝ፣ አትጨምሩልኝ። በማን እግር እንደሆነ ብቻ ጨምራችሁ ንገሩልኝ።»